የሎፒታል ደንብና የተዘነጋው ሦስተኛ ሁኔታ

በካልኩለስ ትምህርት ውስጥ ተማሪ ቶሎ የሚወደውና ቶሎ የሚለምደው ደንብ ቢኖር በማርኪ ደ ሎፒታል ስም የሚጠራው ነው። አንድ ፋንክሽን ለሌላው ሲካፈል ላዕሉም ታህቱም በአንድነት ወደ ዜሮ ሲጠጉ፥ ወይም ሁለቱም ያለ ወሰን ሲያድጉ፥ የክፍልፋዩን ሊሚት ወዲያው ለመናገር አይቻልም፤ ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ትርጉም የለውምና። ደንቡ እንዲህ ባለ ጊዜ የላዕሉን ዴሪቫቲቭ ለብቻ፥ የታህቱንም ዴሪቫቲቭ ለብቻ አውጥታችሁ የሁለቱን ክፍልፋይ ሊሚት ፈልጉ፤ የምታገኙት የመጀመሪያው ክፍልፋይ ሊሚት ነው ይላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ደንቡን አይደለም። የምንነቅፈው ደንቡ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የሚቀርብበትንና በመልመጃ ደብተር ላይ የሚሠራበትን መንገድ ነው። ደንቡ ከሦስት ሁኔታዎች ጋር ይጻፋል፤ ሁለቱ በምሳሌ ይብራራሉ፥ ሦስተኛው ግን በአንዲት አጭር ሐረግ ተጠቅሶ ይታለፋል። ሐረጊቱ «የታህቱ ዴሪቫቲቭ በአካባቢው ዜሮ የማይሆን ከሆነ» የምትለው ናት። ለምን እንደ ተጻፈች የሚነግር ስለማይገኝ አንባቢው እንደ ጌጥ ይቆጥራታል። ይህች ሐረግ ስትጣስ ግን ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያማረ ሆኖ መልሱ ሐሰት ይወጣል። ስሕተቱም በወረቀቱ ላይ ምንም ዱካ አይተውም።

አስቀድመን ደንቡ ከየት እንደ መጣ ጥቂት እንበል፤ የሁኔታዎቹ ነገር ከታሪኩ ጋር የተያያዘ ነውና። ሎፒታል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1696 ፓሪስ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ የዲፈረንሻል ካልኩለስ የመጀመሪያው የትምህርት መጽሐፍ ነው። ደንቡን ያገኘው ግን የባዝሉ ዮሐን ቤርኑሊ ነበር። ሎፒታል በ1694 ለቤርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ በዓመት 300 ሊቭር እየከፈለው ግኝቶቹን ለእርሱ ብቻ እንዲገልጥለት ተስማምቷል። በመጽሐፉ ውስጥ ደንቡ የታየበት ምሳሌ ዛሬም ቢሆን ደስ የሚያሰኝ ነው። በዚያ የነበረውን ቋሚ ቁጥር አንድ ብናደርገው እንዲህ ይሆናል፤

( √(2x − x⁴) − ∛x ) / ( 1 − x^(3/4) )

እዚህ ላይ x ወደ 1 ሲጠጋ ላዕሉም ታህቱም ዜሮ ይሆናሉ። የላዕሉ ዴሪቫቲቭ በ1 ላይ −4/3፥ የታህቱም −3/4 ስለሆነ የመጀመሪያው በሁለተኛው ሲካፈል 16/9 ይወጣል። መልሱ ትክክል ነው፥ የሚያሰጋም ነገር የለበትም። ይህ የሆነበት ምክንያት ግን ደንቡ በዚያን ጊዜ ከዛሬው በጣም የጠበበ መሆኑ ነው። ሎፒታል የጠየቀው በአንዲት ነጥብ ላይ የሁለቱ ዴሪቫቲቮች ዋጋ ስንት ነው የሚለውን ብቻ ነበር። ላዕሉንም ታህቱንም ለ(x − 1) ብናካፍላቸው እያንዳንዳቸው በቀጥታ ወደ ዴሪቫቲቫቸው ይሄዳሉ። ታህቱ ያለው −3/4 ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የዛሬው ደንብ ከዚህ ይሰፋል። ዴሪቫቲቮቹ በነጥቢቱ ላይ ባይኖሩም፥ ነጥቢቱም ጭራሽ ሳትኖር x ያለ ወሰን ቢያድግም፥ የዴሪቫቲቮቹ ክፍልፋይ ሊሚት ካለው በቂ ነው ይላል። ሥልጣኑ በጨመረ መጠን ግዴታውም ጨመረ፤ ሦስቱ ሁኔታዎች የተወለዱት ከዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ብዙ አንቆይም። አንደኛው ክፍልፋዩ በእውነት ያልተወሰነ መልክ ያለው መሆን አለበት የሚለው ነው። x ወደ 1 ሲጠጋ (x² + 1)/(x + 1) ሊሚቱ ሁለት ለሁለት፥ ማለት 1 ነው። ደንቡን ያለ ቦታው የሚጠቀም ሰው ግን 2x/1 ብሎ 2 ያገኛል። ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በመጀመሪያው እርምጃ ሳይሆን ደንቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ነው፤ እጅ ለምዶ ይቀጥላልና። ሁለተኛው ሁኔታ የዴሪቫቲቮቹ ክፍልፋይ ሊሚት ሊኖረው ይገባል ይላል። (x + sin x)/x ያለ ወሰን ለሚያድግ x ሊሚቱ 1 መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሳይኑ ከ1 አይበልጥምና በትልቅ ቁጥር ሲካፈል ይጠፋል። የዴሪቫቲቮቹ ክፍልፋይ ግን 1 + cos x ነው፤ ይህም በ0 እና በ2 መካከል ለዘላለም ይወዛወዛል። ከዚህ ተነሥቶ «ሊሚት የለውም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ደንቡን ወደ ኋላ አንብቦታል። የዴሪቫቲቮቹ ክፍልፋይ ሊሚት ሲያጣ ደንቡ ዝም ይላል እንጂ አይፈርድም።

እነዚህ ሁለት ስሕተቶች አንድ መልካም ጠባይ አላቸው፤ ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ሦስተኛው ግን እንዲህ አይደለም። ይህንንም በምሳሌ ያሳየው በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የኦስትሪያ ሊቅ ኦቶ ሽቶልስ በ1879 ነው። ምሳሌው ይኸውላችሁ፤

f(x) = x + sin x·cos x
g(x) = (x + sin x·cos x)·e^(sin x)

x ያለ ወሰን ሲያድግ f ያለ ወሰን ያድጋል። g ደግሞ f በ e^(sin x) ተባዝቶ የተገኘ ነው፤ ይህ አብዢ ከ1/e፥ ማለት ከ0.368 ገደማ፥ ፈጽሞ ስለማያንስ g ም ያለ ወሰን ያድጋል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሁኔታ ተሟልቷል። ዴሪቫቲቮቹን እናውጣ፤

f′(x) = 2cos²x
g′(x) = e^(sin x)·cos x·(x + sin x·cos x + 2cos x)

ሁለቱን ስናካፍል ከላይም ከታችም cos x አለ። ማንም ተማሪ ሳያመነታ ይሰርዘዋል፤ የሚቀረውም ይህ ነው፤

2cos x / [ e^(sin x)·(x + sin x·cos x + 2cos x) ]

ላዕሉ በ−2 እና በ2 መካከል የታገደ ነው፤ ታህቱ ያለ ወሰን ያድጋል። ስለዚህ ሊሚቱ ዜሮ ነው። ሁለተኛውም ሁኔታ ተሟላ ማለት ነው፤ ተማሪውም ከ f/g ፊት ዜሮ ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ነገር ግን f ን ለ g በቀጥታ ብናካፍለው ቅንፉ በቅንፉ ይጠፋና e^(−sin x) ብቻ ይቀራል። ይህ በ0.368 እና በ2.718 መካከል ሲመላለስ ይኖራል እንጂ ወደ የትም አይሄድም። ወደ ዜሮ ይሄዳል ማለትማ ከቶ የማይታሰብ ነው። በቁጥር ለማየት ለሚፈልግ፥ x = 100 ራዲያን ላይ f/g 1.66 ገደማ ሲሆን የዴሪቫቲቮቹ ክፍልፋይ 0.028 ነው፤ x = 101 ላይ የመጀመሪያው 0.64፥ ሁለተኛው 0.011 ይሆናል። ሁለተኛው እየደቀቀ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ግን ምንም አይሰማውም።

ጥፋቱ የት ላይ ነው? ብዙ ሰው «cos x ን ስንሰርዝ በዜሮ አካፍለናል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። በእርግጥ cos x ዜሮ በሚሆንባቸው ነጥቦች ላይ f′/g′ ትርጉም የለውም፤ እነዚህም ነጥቦች x የቱንም ያህል ቢያድግ አያልቁም። ነገር ግን በነዚያ ነጥቦች ላይ ያለውን ቀዳዳ በተሰረዘው ክፍልፋይ ዋጋ ብንሞላው ምን ይጎዳል የሚል ብልህ ተማሪ ቢነሣ፥ ያ መልስ አያጠግበውም። ስለዚህ ወደ ማስረጃው ውስጥ መግባት ግድ ነው።

ደንቡ የሚቆምበት አሳብ ቀላል ነው። ታህቱ g ዘወትር እየጨመረ የሚሄድ ይሁንና f′/g′ ከአንድ ቦታ ጀምሮ በጣም ትንሽ፥ ለምሳሌ ከመቶ አንድ በታች ይሁን። ይህ ማለት g አንድ እርምጃ በጨመረ ቁጥር f የሚጨምረው ከዚያ እርምጃ ከመቶ አንድ በታች ነው ማለት ነው። ጉዞው ሲረዝም የመነሻው ልዩነት ይረሳል፤ f/g ም በመጨረሻ ከመቶ አንድ ብዙ ሊርቅ አይችልም። በዚህ ማስረጃ ውስጥ የተሸሸገው ቃል «ዘወትር እየጨመረ» የሚለው ነው። ዜሮ የማይሆን ዴሪቫቲቭ ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ ሊሻገር አይችልም፤ ፋንክሽኑም ወይ ሁልጊዜ ይወጣል፥ ወይ ሁልጊዜ ይወርዳል። ሦስተኛዋ ሐረግ የምትጠብቀው ይህንን ነው።

አሁን በሽቶልስ ምሳሌ g ምን እንደሚያደርግ እንከተለው። በ100 አካባቢ ሦስት ተከታታይ ነጥቦች እንውሰድ፤ 31.5π፥ 32.5π እና 33.5π፤ በአኃዝ 98.96፥ 102.10 እና 105.24 መሆናቸው ነው። በሦስቱም ላይ cos x ዜሮ ስለሆነ f ከ x ጋር እኩል ነው። ሳይኑ በመጀመሪያው −1፥ በሁለተኛው +1፥ በሦስተኛው እንደገና −1 ነው። ስለዚህ g በመጀመሪያው ነጥብ 36.4፥ በሁለተኛው 277.5፥ በሦስተኛው 38.7 ይሆናል። 241 ያህል ወጣ፥ 239 ያህል ወረደ። በዚሁ ጊዜ f በዝግታ ከ98.96 ወደ 105.24 ተጓዘ፥ ማለት 6.28 ጨመረ።

የዴሪቫቲቮቹ ክፍልፋይ የሚያነጻጽረው f የሄደውን g ከሄደው መንገድ ሁሉ ጋር ነው፤ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ይቈጥራል። በዚህ አቈጣጠር 6.28 ለ480 ይካፈላል፤ የሚወጣውም 0.013 ያህል ነው፤ x ባደገ ቁጥር ደግሞ ዳገቱና ቁልቁለቱ ስለሚረዝም ቁጥሩ ይብስ ያንሳል። የመጀመሪያው ክፍልፋይ f/g ግን ስለ መንገዱ ርዝመት ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው g አሁን የት እንደ ቆመ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ g የተነሣው ከ36.4 የደረሰውም 38.7 ነው፥ 2.31 ብቻ አተረፈ። 6.28 ለ2.31 ሲካፈል 2.718 ይሰጣል፤ ይህም e ራሱ ነው፥ በነዚያ ነጥቦች ላይ f/g ያለው ዋጋ። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን የወጣ መንገደኛ እግሩ ብዙ ዳገትና ቁልቁለት ቈጥሯል፤ የተነሣበትና የደረሰበት ከፍታ ግን ያን ያህል አይራራቅም። የመንገዱን ድካም ለከፍታው ልዩነት መስፈሪያ የሚያደርግ ሰው ይሳሳታል፤ የሦስተኛው ሁኔታ መጣስም ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ የጉዳቱ ሥር የዜሮው መኖር ሳይሆን የምልክቱ መለወጥ ነው። ራልፍ ቦአስ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1986 ስለነዚህ ምሳሌዎች ሲጽፍ ትኩረቱን ያሳረፈው በዚሁ ላይ ነበር። የተሰረዘው የጋራ አብዢ ዜሮ እየሆነ ምልክቱን የማይለውጥ ከሆነ ከላይ ያየነው ማስረጃ አይፈርስም፤ g ለቅጽበት ቆም ይላል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ «ዜሮ የማይሆን ከሆነ» የምትለው የመጻሕፍቱ ሐረግ ከሚያስፈልገው ትንሽ ትጠብቃለች፤ ለተማሪ ስትነገር ግን የቱን አደጋ እንደምትከላከል አብሮ መነገር ነበረበት።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ፤ እኛም ሰምተነዋል። «የሽቶልስ ምሳሌ ሆን ተብሎ የተሠራ ወጥመድ ነው፤ በተለመደ ሥራ ላይ አይገጥምም፤ ተማሪን ማስፈራራት ምን ይጠቅማል?» ይባላል። የተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው፤ የቱ ግማሽ እንደሆነ ደግሞ በትክክል ማወቅ ይቻላል። እንግሊዛዊው ሃርዲ በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ ከ x እና ከቋሚ ቁጥሮች በመደመር፥ በመቀነስ፥ በማባዛት፥ በማካፈል፥ በሎጋሪትምና በኤክስፖኔንሻል ብቻ የተሠራ ፋንክሽን x በበቂ ካደገ በኋላ ምልክቱን አይለውጥም። የዚህ ዓይነት ፋንክሽን ዴሪቫቲቭም ያው የዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ በነዚህ ላይ ሦስተኛው ሁኔታ ራሱን ይጠብቃል፤ ተማሪው ስለ ሎጋሪትምና ስለ ኤክስፖኔንሻል ሲሠራ በሰላም ይለፍ።

አደጋው የሚገባው በሳይንና በኮሳይን በር ነው፤ ያውም ውስጣቸው ያለው መጠን ያለ ወሰን ሲያድግ ብቻ። sin x ለትልቅ x፥ ወይም sin(1/x) በዜሮ አጠገብ፥ ሁለቱም ያለ ማቋረጥ ይወዛወዛሉ። sin x በዜሮ አጠገብ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ዴሪቫቲቩ cos x በዚያ ከ1 አይርቅም። ስለዚህ ተማሪው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አጭር ነው፤ ታህቱ ውስጥ ማወዛወዙን የማያቆም ነገር አለን? ካለ፥ የታህቱን ዴሪቫቲቭ ለብቻው፥ ምንም ነገር ሳይሰርዝ፥ ጽፎ ምልክቱን ይመርምር። ብዙ ሰው ይህን ምርመራ የሚያደርገው ከሰረዘ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማስረጃው ተሰርዟል። በሽቶልስ ምሳሌ ከተሰረዘው ክፍልፋይ ታህት ውስጥ የቀረው ሁሉ x ከ3 በላይ ሲሆን አዎንታዊ ነው፤ ወንጀለኛው cos x ግን ቀድሞ ወጥቷል።

አንዳንድ መምህራን ይህን ሁሉ ለመሸሽ ደንቡን በፈተና ላይ ጨርሰው ይከለክላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የተከለከለው ተማሪ ሦስተኛውን ሁኔታ አይማርም፥ ከፈተናው በኋላም ደንቡን ከመጠቀም አይቆጠብም። ይልቅ ጎን ለጎን ሆነው የሚታዩ ሁለት መልመጃዎች ቢሰጡት ይበጃል። የመጀመሪያው የሽቶልስ ምሳሌ ይሁን። ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ላዕል ይዞ ታህቱን የላዕሉ ካሬ የሚያደርግ ይሁን፤

f(x) = x + sin x·cos x
h(x) = (x + sin x·cos x)²

እዚህ ላይ h′(x) = 4cos²x·(x + sin x·cos x) ነው፤ ኮሳይኑ ዜሮ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ይህም ዜሮ ይሆናል፥ ልክ እንደ ሽቶልስ g። በመጻሕፍቱ ሐረግ ቃል በቃል ከሄድን ደንቡን መጠቀም አይፈቀድም። ነገር ግን cos²x ምልክቱን አይለውጥም፤ h ም ወደ ኋላ ሳይመለስ ይወጣል። 2cos²x ን ከላይም ከታችም ብንሰርዝ 1/[2(x + sin x·cos x)] ይቀራል፥ ሊሚቱም ዜሮ ነው። f ን ለ h በቀጥታ ስናካፍልም 1/(x + sin x·cos x) ይወጣል፥ ይህም ወደ ዜሮ ይሄዳል። በመጀመሪያው መልመጃ የተሰረዘው cos x ነበር፥ በሁለተኛው 2cos²x፤ በመጀመሪያው መልሱ ሐሰት ሆነ፥ በሁለተኛው እውነት።